ሰባት ካርዶች ለጀማሪ ይበቃሉ

ጥያቄ፦ «ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ዘገም እያለም ቢሆን ያነባል፤ መጻፍ ሲመጣ ግን ‹ልብስ›ን ‹ለበሰ›፣ ‹ስም›ን ‹ሰም›፣ ‹ክብ›ን ‹ከበ› ብሎ ይጽፋል። ቃሉን ፊደል በፊደል እየጎተትኩ በጣም ቀስ ብዬ ብነግረውም ለውጥ የለውም። በፊደል ካርድ ቃላት መመሥረት ይረዳዋል ሲሉኝ ሁሉንም ፊደላት ቆራርጬ ሠራሁለትና ከታላቅ እህቱ ጋር እንዲወዳደር አደረግሁ። ብዙም ሳይቆይ ካርዶቹን በትኖ ተነሣ። ጨዋታው ለእሱ አይሆንም ማለት ነው ወይስ አጨዋወቱን አላወቅሁበትም?»

— የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ ጨዋታው ለልጅዎ ይሆናል። መለወጥ ያለበት የካርዶቹ ብዛትና የአጨዋወቱ ሥርዓት ነው። ሁለቱንም ለመወሰን ደግሞ ከሁሉ በፊት የላኩልኝን ሦስት ስሕተቶች ጠጋ ብለን እንመልከታቸው፤ ብዙ ነገር ይናገራሉና።

«ልብስ» ሲባል «ለበሰ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከለ ቤት፣ ከበ ቤትና ከሰ ቤት የሚመጡ ሦስት ፊደላት እንደሚያስፈልጉት በትክክል ሰምቷል፤ ቅደም ተከተላቸውንም አላዛባም፤ አንድም ፊደል አልጣለም። የሳተው ፊደሉ የሚወስደውን መልክ ብቻ ነው። በሌሎቹ ቃላትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሳተው ፊደል ሁሉ ሳድስ መሆን ሲገባው ግዕዝ ያደረገው ነው። ስለዚህ ልጅዎ በዘፈቀደ የሚገምት ልጅ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ደጋግሞ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ብቻ የሚነካ ጨዋታ ነው። ከ«ተ» ይልቅ «ጠ»ን፣ ከ«ከ» ይልቅ «ቀ»ን የሚጽፍ ልጅ ቢሆን ኖሮ የምመክርዎ የካርድ ምርጫ ሌላ ይሆን ነበር።

ሳድስ ለምን ያስቸግራል? ሳድስ ፊደል ሁለት ዓይነት አነባበብ ስላለው ነው። በ«ስም» ውስጥ ያለው «ስ» አጭር አናባቢ አለው፤ በ«ልብስ» ውስጥ ያሉት «ብ» እና «ስ» ግን ምንም አናባቢ ሳይከተላቸው ይነበባሉ። እንዲህ ያለውን ፊደል ብቻውን ነጥለን፣ ድምፃችንን ጎተት አድርገን ለመጥራት ስንሞክር አፋችን ሳንፈልግ አናባቢ ይጨምርበታል፤ የሚወጣውም ድምፅ ለ«ለ»፣ ለ«በ» እና ለ«ሰ» የቀረበ ይሆናል። እርስዎ ልጅዎን ለመርዳት ብለው ቃሉን ሲጎትቱለት፣ እሱ የጻፈው በእርግጥ የሰማውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን በተለመደው ፍጥነት ሙሉውን ይንገሩት፤ በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው አንድ ጊዜ ያሰሙት፤ ከዚያም ቃሉን ብቻውን ይድገሙለት። «ልብስ። ልብሱን አጠፈ። ልብስ።» ይህ ይበቃል። በጭብጨባ መቁጠርም እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ምክንያቱም «ልብስ» በአንድ ጭብጨባ የሚያልቅ ቃል ሆኖ ሳለ የሚጻፈው በሦስት ፊደላት ነው። በጭብጨባው ፈንታ ወረቀት ላይ ቃሉ በሚፈልገው ፊደል ልክ ባዶ ሣጥኖች ይሣሉለትና ካርዶቹን በሣጥኖቹ ላይ ያስቀምጥ።

ካርድ ከመዘርጋትዎ በፊት ሁለት አጫጭር ፈተናዎች ይስጡት። የመጀመሪያው የጆሮ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ይቀመጥና ጥንድ ጥንድ ቃላት ይንገሩት፤ «ሰም፣ ስም»፣ «ላብ፣ ልብ»፣ «በር፣ በር» እያሉ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ ብለው ይጠይቁት። ከዐሥር ጥንድ ስምንቱን ያህል ካወቀ ጆሮው ዝግጁ ነው። ካላወቀ ግን ካርዱ ጥቂት ይቆይ፤ ያንኑ የጆሮ ጨዋታ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጫወቱ፤ ያልሰማውን ልዩነት በካርድ ማሳየት አይቻልምና። ሁለተኛው የዓይን ፈተና ነው፤ «ለ»፣ «ላ»፣ «ል» እንዲሁም «በ»፣ «ባ»፣ «ብ» የተጻፉባቸውን ካርዶች አደባልቀው አንድ በአንድ ያስነብቡት። እዚህ ላይ ቢደናቀፍ አይገርምም። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ጎኑ መካከል ጭረት ይዞ፣ ኃምስም በእግሩ ሥር ቀለበት ይዞ ይመጣል፤ ሳድስ ግን ከቤት ቤት መልኩ ስለሚለያይ ልጁ «ል»ን፣ «ብ»ን፣ «ር»ን እና «ስ»ን እያንዳንዳቸውን ለብቻ መያዝ አለበት። እጁ ቶሎ ወደ ግዕዝ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ካርዶቹ እንምጣ። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ፊደላት ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ፊቱ የዘረጉለት ልጅ ጊዜውን የሚያጠፋው ፊደል በመፈለግ እንጂ ስለ ቃሉ በማሰብ አይደለም። ሁሉንም ወደ ሣጥናቸው ይመልሱና ሰባቱን ብቻ ያውጡ፤ «ል»፣ «ላ»፣ «ብ»፣ «በ»፣ «ር»፣ «ራ» እና «ክ»። በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ አንድ መሥመር ያስምሩ፤ መሥመሩ ከሌለ ካርዱ ተገልብጦ ሲቀመጥ «በ» «ሀ»ን ስለሚመስል ልጁ ባልሠራው ጥፋት ይሳሳታል። ካርዶቹን በላይ በኩል በየቤታቸው ጎን ለጎን ደርድሩ፤ «ል» ከ«ላ» ጋር፣ «ብ» ከ«በ» ጋር፣ «ር» ከ«ራ» ጋር፣ «ክ» ለብቻው። ሥራውን የጨረሰ ካርድ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ሥርዓት ሲለመድ ልጁ ካርድ መፈለጉን ትቶ መምረጥ ይጀምራል።

የጨዋታው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ካርድ ብቻ ይቀየራል። እርስዎ «ልክ» ይላሉ፤ «ጫማው ልክ ሆነ» ብለው ያስገቡለታል፤ እሱ «ል» እና «ክ»ን ያስቀምጣል። ቀጥለው «አሁን አንድ ካርድ ቀይረህ ‹ላክ› አድርገው» ይሉታል። እዚህ ላይ «ክ» ከቦታው አይነቃነቅም፤ «ል» ወጥቶ «ላ» ይገባል። ከ«ላክ» ወደ «ላብ»፣ ከ«ላብ» ወደ «ልብ»፣ ከ«ልብ» ወደ «ክብ»፣ ከ«ክብ» ወደ «ክር»፣ ከ«ክር» ወደ «ብር»፣ ከ«ብር» ወደ «በር» ይሄዳሉ። ከዚያ «መብራቱ በራ» ሲሉት «ር» በ«ራ» ይተካል፤ «በራ» ወደ «በላ»፣ «በላ»ም በመጨረሻ ወደ «ብላ» ይለወጣል። በሰባት ካርዶች ዐሥራ አንድ ቃላት ተሠሩ፤ ካደረጋቸው ዐሥር ቅያሬዎች አምስቱ ከቤት ወደ ሌላ ቤት የሚያሻግሩ ሲሆኑ፣ አምስቱ ደግሞ በዚያው ቤት ውስጥ መልክ ብቻ የሚለውጡ ናቸው። የልጅዎ ችግር ያለው በእነዚህ በኋለኞቹ ነው፤ የፊተኞቹ ግን ትርፍ አይደሉም፤ ልጁ በየተራው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስገድዱታል። መልክ የሚቀይሩትን ብቻ ደርድረው ቢሰጡት ሳያዳምጥ የጎኑን ካርድ ማንሣት ይለምዳል።

ከእያንዳንዱ ቅያሬ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ቤቱ ተቀየረ ወይስ ያው ቤት ሆኖ መልኩ?» ብለው። «ብር» «በር» ሲሆን «ያው የበ ቤት ነው፤ ‹ብ› ‹በ› ሆነ» ብሎ በአፉ ይናገር። እኔ ከሠራቸው ቃላት ብዛት ይልቅ ለዚህ መልስ የበለጠ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ልጁ ልዩነቱን በራሱ አንደበት መናገር ከቻለ በኋላ ጽሑፉን ሲያርምም የሚፈልገውን ያውቃል። ስድስት ቃል ብቻ ሠርታችሁ ጊዜው ቢያልቅ፣ ግን በስድስቱም ላይ ምን እንደተቀየረ ቢነግርዎ፣ ያ ጥሩ ቀን ነው።

በዚህ ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ብልሽት አለ። ልጁ ካርድ ይነካና ቀና ብሎ የእርስዎን ፊት ያያል፤ ፊትዎ ካልፈካ እጁን ወደሚቀጥለው ካርድ ያሻግራል። ከውጭ ሲታይ ትክክለኛ ቃል እየሠራ ነው፤ የሚያነበው ግን እርስዎን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ይህን ካዩ ዓይንዎን ከልጁ ላይ አንሥተው ካርዶቹ ላይ ያድርጉ፤ ትክክል ወይም ስሕተት ከማለትዎ በፊትም የሠራውን ጣቱን ከካርድ ካርድ እያሳለፈ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። «ክብ» ሠርቷል ብሎ «ከብ» አስቀምጦ ከሆነ ያለውን እንዳለ ሲያነበው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን እሱ ራሱ ይሰማዋል። ያሰበውን ሳይሆን ያስቀመጠውን ማንበቡን ግን ይከታተሉ፤ ብዙ ልጆች ዓይናቸው «ከብ» ላይ ሆኖ አፋቸው «ክብ» ይላል። እንዲህ ሲሆን ካርዱን ራሱን በጣትዎ ነክተው «ይህ ብቻውን ማን ይባላል?» ይበሉት።

ሌላው ብልሽት ከጨዋታው ውጭ የሚታይ ነው፤ በካርድ ሁሉን አስተካክሎ የሠራ ልጅ ደብተሩ ላይ እንደ ቀድሞው ይሳሳታል። ወላጆች ይህን ሲያዩ ካርዱ አልጠቀመም ይላሉ፤ እውነቱ ግን ሁለቱ ሥራዎች እኩል አለመሆናቸው ነው። በካርድ ሲጫወት ትክክለኛው ፊደል ከሰባቱ አንዱ ሆኖ ፊቱ ተቀምጧል፤ እርሳስ ሲይዝ ግን የፊደሉን መልክ ከራሱ ማውጣት አለበት። በሁለቱ መካከል ድልድይ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ከቃላቱ ሦስቱን ይምረጡ፤ ሁለቱ መልካቸው ብቻ የሚለያይ ቢሆኑ መልካም ነው፤ ለምሳሌ «ብር» እና «በር»። ልጁ ቃሉን በካርድ ይሥራ፤ ያንብበው፤ ከዚያ ካርዶቹን በወረቀት ይሸፍኑና በደብተሩ ይጻፈው፤ ወረቀቱን አንሥቶም የጻፈውን ከካርዱ ጋር እሱ ራሱ ያስተያይ። እርማቱን እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ አይሥሩት፤ ስሕተቱን ያገኘው እሱ ከሆነ የተለየውን ፊደል ብቻ አክብቦ በላዩ ላይ ደግሞ ይጽፈዋል። በማግሥቱ ካርዶቹ ገና ሳይወጡ ከትናንቱ ቃላት አምስቱን ያጽፉት፤ እውነተኛው መለኪያ ይህ ነው። ከአምስቱ አራቱን በተከታታይ ለሁለትና ሦስት ቀን ካስተካከለ አዲስ ካርድ ይጨመራል፤ ካልሆነ በያዛቸው ሰባት ካርዶች ላይ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ዙር አራት ካርዶች ያመጣል፤ «ሰ»፣ «ስ»፣ «ም» እና «ለ»። ሰንሰለቱ «ሰም»፣ «ስም»፣ «ስብ»፣ «ልብ» ብሎ ይሄድና በመጨረሻ ላይ «ስ»ን ሲጨምር «ልብስ» ይሆናል። እዚህ ሲደርሱ በጥያቄዎ ወደጻፉልኝ ስሕተት ገብተናል ማለት ነውና በቂ ጊዜ ይስጡት። «ልብስ»ን በሦስት ሣጥኖች ላይ እንዳለ ይተዉና ከሥሩ ሌላ ሦስት ሣጥን ሥለው «ለበሰ»ን ያሠሩት። ሁለቱ ቃላት ተደራርበው ሲታዩ «ል» ከ«ለ»፣ «ብ» ከ«በ»፣ «ስ» ከ«ሰ» ጋር ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቤቶቹ አንድ ናቸው፤ ከላይ ሦስቱም ሳድስ፣ ከታች ሦስቱም ግዕዝ ናቸው። ከዚያም ልጁ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አምጥቶ «ልብስ ለበሰ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሥራ። እስከ ዛሬ ስሕተት ሲባልበት የነበረው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሌላ ቃል መሆኑን ሲያይ፣ መልክ መለወጥ ትርጉም እንደሚለውጥ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። ቋንቋችን እንዲህ ያሉ ጥንዶችን በብዛት ይሰጠናል፤ ካርዶቹ ሲበዙ «ክፍል» እና «ከፈለ»ን፣ «ጥቅም» እና «ጠቀመ»ን በዚሁ መንገድ ያሠሩት። በእጁ ካሉት ዐሥራ አንድ ካርዶችም «ሰላም»፣ «ክብር»፣ «ምክር»፣ «ምስል» እና «ምላስ» ይወጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በተለይ ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ከመ፣ ከሰ እና ከለ ቤቶች ሲሆን፣ «ምስል» «ምላስ» የሚሆነው ቅደም ተከተሉም መልኩም ተለውጦ ነው።

ታላቅ እህቱን ከጨዋታው አያስወጧት፤ ነገር ግን ውድድሩን ይተዉት፤ ሰዓት መያዙንም እንዲሁ። ከፈጣን አንባቢ ጋር የሚሽቀዳደም ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር መቸኮል ነው፤ የእሱ ችግር ደግሞ በችኮላ የሚባባስ ነው። በዚያ ፈንታ ለሁለቱም የሚከብድ ተራ ይስጧቸው። አንዱ ዓይኑን ይጨፍን፤ ሌላው ከተሠራው ቃል ውስጥ አንዱን ካርድ በዚያው ቤት ባለ ሌላ ካርድ ይተካ፤ ለምሳሌ «ሰላም» «ስላም» ይሁን። ዓይኑን የገለጠው ልጅ በመጀመሪያ የተቀመጠውን እንዳለ፣ ትርጉም ባይኖረውም፣ «ስላም» ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ያስተካክላል። ትርጉም የሌለውን ቃል ማንበብ ልጁ ቃሉን በጥቅሉ በልምድ ከመገመት ይልቅ እያንዳንዱን ፊደል እንዲያይ ያደርገዋል፤ ተራው ሲደርስ እህቱን ለማሳሳት ካርድ ሲመርጥም ስለ መልክ የሚያስበው እሱ ነው።

ሁለት ነገሮችን ካርዱ ሊያስተምርልዎ ስለማይችል ከጨዋታው ለይተው ያኑሯቸው። አንዱ መጥበቅና መላላት ነው። «ልብ» እና «በር» መጨረሻቸው ይጠብቃል፤ ልጁም ድምፁን ሰምቶ ሁለተኛ ካርድ ሊፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ «ድምፁ ቢጠብቅም ካርዱ አንድ ነው» ብለው ይለፉት፤ በደንብ በመስማቱ ሊወቀስ አይገባውም። ሌላው በድምፅ የማይለዩት ፊደላት ናቸው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»። በእነዚህ ጆሮ አይረዳም፤ ቃሉ በዓይን ተለምዶ የሚያዝ ነው። ስለዚህ «ሠ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ዐ»ን እና መሰሎቻቸውን ለጊዜው ከካርዶቹ ውስጥ አያስገቡ፤ ልጁ «ሥራ»ን «ስራ» ብሎ ቢጽፍም ከመልክ ስሕተቱ ጋር አይቁጠሩበት። «መጽሐፍ» እና «ፀሐይ»ን የመሳሰሉትን ሙሉ ቃላቸውን በአንድ ትልቅ ካርድ ላይ ጽፈው ለብቻ ያሳዩት።

በአንድ ጊዜ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ያህል በቂ ነው፤ ልጁ ገና መጫወት እየፈለገ ማቆሙ ከደከመው በኋላ ከማቆም ይሻላል። ሳድስና ግዕዝ፣ ሳድስና ራብዕ በደብተሩ ላይ ሲለዩለት ወደ ሌሎቹ መልኮች አንድ በአንድ ይሂዱ፤ «ቀዳ» እና «ቆዳ» ሳብዕን ያስገቡልዎታል፤ «ውሻ»፣ «ዋሻ» እና «ዋሸ» ደግሞ እስካሁን የያዘውን ሁሉ በአዲስ ቤቶች ላይ ይፈትኑለታል። ካዕብን እና ሣልስን በአንድ ሳምንት አብረው አያምጡ፤ በብዙ ቤቶች የሚለያዩት ጭረቱ በጎን ወይም በእግር በመሆኑ ብቻ ስለሆነ ይደባለቁበታል።

በየሳምንቱ መጨረሻ የጻፋቸውን ቃላት ከነስሕተታቸው በቀን አስፍረው ያስቀምጡ። ሁለት ወር ያህል ሳያቋርጡ ተጫውታችሁ ስሕተቱ ካልቀነሰ፣ ወይም የጆሮ ፈተናው እየተደጋገመም ካልተሳካለት፣ ያንን ደብተር ይዘው ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ፤ የመስማት ችሎታውንም ያስመርምሩ። ማንበቡም እንደ መጻፉ እየከበደው ከመጣ የማንበብና የመጻፍ ችግር የሚመረምር ባለሙያ ማየት ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜም ደብተሩ ልጁ የቱ ላይ እንደሚሳሳት ከቃል ገለጻ በላይ ያሳይልዎታል።